በየወሩ በራሱ የሚሄደውን ሐዋላ ስትቀይሩ ወይም ስታቆሙ

ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬና ከዙሪያቸው ገጠር የወጡ፣ ውጭ አገር ሠርተው የሚያድሩ ብዙ ልጆች በየወሩ ለቤተሰብ የሚልኩትን ገንዘብ ዛሬ በእጃቸው አይልኩትም። ስልካቸው ላይ ባለው የሐዋላ መተግበሪያ «በየወሩ መጀመሪያ ቀን ይህን ያህል ላክ» ብለው አንድ ጊዜ ያዙታል፤ ከዚያ በኋላ ሥራ ላይም ሆኑ እንቅልፍ ላይ፣ ገንዘቡ ከካርዳቸው ወጥቶ እናት ወይም ወንድም ሒሳብ ውስጥ ይገባል። ትእዛዙን መስጠት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ችግሩ የሚመጣው ሁኔታ ሲለወጥ ነው፦ የሥራ ሰዓት ሲቀንስ፣ የቤት ኪራይ ሲጨምር፣ ተቀባዩ ባንክ ሲቀይር፣ ወይም የብሩ ምንዛሬ ሲያሻቅብ። እኔ እንደማምነው፣ በዚህ ጊዜ የሚፈጠረው ጣጣ አብዛኛው የሚመጣው ሰው ትእዛዙን ትቶ የዚያን ወር ክፍያ ሊያቆም ስለሚሮጥ፣ ያውም ቀኑ ከደረሰ በኋላ ስለሚሮጥ ነው። ደግሞም ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ማቆም ሳይሆን ማስተካከል ነው።

በየወሩ የሚሄድ ሐዋላ አንድ ነገር ቢመስልም ሦስት ነገር ነው። የመጀመሪያው እናንተ የሰጣችሁት ቋሚ ትእዛዝ ነው፤ መጠኑን፣ ቀኑን፣ ተቀባዩንና የሚከፈልበትን ካርድ የያዘው እሱ ነው። ሁለተኛው፣ ይህ ትእዛዝ በየወሩ የሚወልደው አንድ አንድ ክፍያ ነው፤ የራሱ ቁጥር፣ የራሱ ደረሰኝ፣ የራሱ የዕለት ምንዛሬ አለው። ሦስተኛው ኩባንያው ከካርዳችሁ ወይም ከባንክ ሒሳባችሁ ገንዘቡን እንዲስብ የሰጣችሁት ፈቃድ ነው። የመስኖ ውሃ ማቆም የፈለገ ገበሬ ቦዩን ከተጠለፈበት ራስ ላይ ይዘጋዋል እንጂ እርሻው ጫፍ ላይ ቆሞ በአፈር አይከላከልም፤ እዚህም መዘጋት ያለበት የመጀመሪያው ነው። የኅዳርን ክፍያ ብቻ የሰረዘ ሰው ታኅሣሥ ላይ ገንዘቡ እንደገና ሲወጣ ይደነግጣል፤ መተግበሪያው ግን የታዘዘውን ነው የፈጸመው።

መተግበሪያውን ከስልክ ማጥፋት ደግሞ ከሦስቱ አንዱንም አይነካም። ትእዛዙ የሚኖረው በኩባንያው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ስልኩ መስኮት ብቻ ነው። መስኮቱን ያጠፋ ሰው ይባስ ብሎ ማስጠንቀቂያውን የሚያይበትን መንገድ ያጣል። ካርድ መቀየርም እንደሚታሰበው አስተማማኝ አይደለም። ቪዛና ማስተርካርድ የታደሰውን የካርድ ቁጥርና የአገልግሎት ዘመን ለነጋዴዎች በራሱ የሚያስተላልፍ አሠራር ስላላቸው፣ ባንኩ በዚህ አሠራር ውስጥ ካለ አሮጌው ካርድ ቢያልፍበትም ክፍያው በአዲሱ ሊቀጥል ይችላል። ሒሳቡን ባዶ አድርጎ መጠበቅ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ኩባንያው ደጋግሞ ሊሞክር፣ ባንኩም ሒሳቡ ላይ ቅጣት ሊጥል፣ የላኪውም መተግበሪያ ሊታገድ ይችላል። በአሜሪካ ሕግ፣ ከባንክ ሒሳብ በቀጥታ በየጊዜው የሚሳብ ክፍያ ከሆነ ባንኩን «ይህን አትክፈል» ብሎ ማዘዝ መብት ነው፤ ግን ይህም ቢሆን ቢያንስ ከ3 የሥራ ቀን በፊት መድረስ አለበት፣ ባንኩም በቃል የተነገረውን በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲረጋገጥለት ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ ባንኩ የመጨረሻ በር ነው እንጂ የመጀመሪያ አይደለም።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት የጊዜ ጉዳይ ላይ ደረስን። አሜሪካ ያሉ ላኪዎች «በ30 ደቂቃ ውስጥ መሰረዝ ይቻላል» የሚለውን ሰምተዋል። እውነት ነው። ከጥቅምት 18 ቀን 2006 ጀምሮ፣ ማለትም በፈረንጆቹ ከኦክቶበር 28 ቀን 2013 ወዲህ በሚሠራው የሐዋላ ደንብ መሠረት፣ ላኪ ከከፈለ በኋላ በ30 ደቂቃ ውስጥ ሐሳቡን ከቀየረ፣ ገንዘቡም ገና ካልተወሰደ ወይም ሒሳብ ውስጥ ካልገባ፣ የአገልግሎት ክፍያው ጭምር ይመለስለታል። ነገር ግን ይህ መብት የተሰጠው ዛሬ ተከፍሎ ዛሬ ወይም ከ3 የሥራ ቀን ባነሰ ጊዜ ውስጥ ለሚላክ ሐዋላ ነው። ቢያንስ 3 የሥራ ቀን ቀደም ብሎ ቀን ለተያዘለት ሐዋላ፣ በየወሩ የሚደጋገመውን ጨምሮ፣ ደንቡ ሌላ ነው፦ የስረዛው ጥያቄ ለኩባንያው መድረስ ያለበት ከተያዘው ቀን ቢያንስ 3 የሥራ ቀን በፊት ነው። በወሩ መጀመሪያ ጠዋት «ገንዘብዎ ተልኳል» የሚል መልእክት አይቶ 30 ደቂቃውን መቁጠር የሚጀምር ሰው የሌለ መብት እየቆጠረ ነው። ኩባንያው በራሱ መልካም ፈቃድ ገንዘቡ እስኪከፈል ድረስ ስረዛ ሊፈቅድ ይችላል፤ ብዙዎቹም ይፈቅዳሉ፤ ግን ያኔ የምትደገፉት በኩባንያው ውል ላይ ነው እንጂ በሕጉ ላይ አይደለም።

አንድ ምሳሌ ወስደን እንቁጠረው። ሜሪላንድ የምትኖር ሴት በፈረንጆቹ ወር መጀመሪያ ቀን ፍኖተ ሰላም ላሉ እናቷ 200 ዶላር እንዲሄድ አዝዛለች እንበል። የ2018ቱ የኅዳር ክፍያ የወደቀው ኅዳር 22፣ ማለትም ዲሴምበር 1 ቀን 2025፣ ሰኞ ላይ ነው። ከሰኞ ወደ ኋላ ስንቆጥር ቅዳሜና እሑድ አይቆጠሩም። አርብ አንድ። ሐሙስ ኖቬምበር 27 የአሜሪካ የምስጋና በዓል ስለሆነ ይዘለላል። ረቡዕ ሁለት፣ ማክሰኞ ሦስት። ስለዚህ ጥያቄዋ ማክሰኞ ኖቬምበር 25፣ በእኛ ኅዳር 16፣ መድረስ ነበረበት፤ ኩባንያው አርብንም ከዘጋ ደግሞ ሰኞ ኅዳር 15። እሷ ግን «ሦስት ቀን» ሲባል አርብ ማታ ስልኳን ብትከፍት ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። ይህን ማስላት ለደከመው ሰው ደንቡ ራሱ አንድ እርዳታ አስቀምጧል፦ ከመጀመሪያው ቀጥሎ ለሚመጡት የተደጋገሙ ክፍያዎች ኩባንያው የመላኪያውን ቀንና የመሰረዣውን ሁኔታ ለላኪው ማሳወቅ ያለበት ከ5 የሥራ ቀን ባላነሰ፣ ከ12 ወር ባልበለጠ ጊዜ በፊት ነው። ማስታወቂያ መስሏችሁ ሳትከፍቱ የምታልፉት ያ ኢሜይል ውስጥ ቀኑ ተጽፎላችኋል።

አውሮፓ ያሉት ትንሽ ይቀላቸዋል፤ በዚያ ባለው የክፍያ ሕግ ቀን የተያዘለት ትእዛዝ በጥቅሉ እስከ ዋዜማው የሥራ ቀን ማብቂያ ድረስ ሊሻር ይችላል። ሳዑዲና ኤምሬትስ ያሉ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን ላይ ግን የአሜሪካውም የአውሮፓውም ሕግ አይሠራም፤ እነሱ የሚተዳደሩት በሚኖሩበት አገር ሕግና በመተግበሪያው ውል ነው፤ ስለዚህ ትእዛዙን ሲሰጡ «እስከ መቼ መሰረዝ እችላለሁ» የሚለውን መልስ ማንበብ ለእነሱ ይበልጥ ያስፈልጋቸዋል።

ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚሆነው በላካችሁበት መንገድ ይወሰናል። ገንዘቡ በጥሬው ከባንክ መስኮት የሚወሰድ ከሆነ፣ ተቀባዩ መታወቂያና ሚስጥር ቁጥሩን ይዞ እስኪቀርብ ድረስ ኩባንያው ዘንድ ተንጠልጥሎ ይቆያል፤ እስኪወሰድ ድረስ ሊሰረዝ የሚችልበት ዕድል አለ። ወደ ባንክ ሒሳብ ወይም ወደ ቴሌብር የሚገባ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። ከገባ በኋላ የባንኩ ቅርንጫፍ ያለ ሒሳቡ ባለቤት ፈቃድ ወደ ኋላ አይመልሰውም፤ መመለስም የለበትም፤ የእናትየው ገንዘብ ሆኗል። አንዳንዱ በዚህ ጊዜ ወደ ካርድ ባንኩ ዞሮ «ያልፈቀድኩት ክፍያ ነው» ይላል። ይህን በጽኑ እቃወማለሁ። ፈቃዱን ሰጥቶ ያልሻረ ሰው ክፍያውን አልፈቀድኩም ማለት ሐሰት ነው፤ ገንዘቡም ደርሶ ሳለ የተነሣ ክርክር ላኪውን ከመተግበሪያው ሊያሳግደው፣ በሚቀጥለው ወር በእውነት መላክ ሲፈልግ በሩን ሊዘጋበት ይችላል።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ፦ ማስተካከል። ትእዛዙ ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ ትልቁን ውጤት የሚያመጣው፣ ግን ሰው ልብ የማይለው፣ መጠኑ በየትኛው ገንዘብ እንደታሰረ ነው። ከካርዴ ይህን ያህል ዶላር ይውጣ ብሎ ማዘዝና እናቴ ጋ ይህን ያህል ብር ይድረስ ብሎ ማዘዝ ሁለት የተለያዩ ውሎች ናቸው። ምንዛሬው ለዓመታት ዝግ ብሎ ሲሄድ ልዩነታቸው አይታይም ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሬ ለገበያ ሲለቅቀው ግን ልዩነቱ ጎልቶ ወጣ። ከዚያ ቀን በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ከግማሽ አካባቢ ነበር፤ በ2017 አጋማሽ 125 አካባቢ ደርሷል። የአገልግሎት ክፍያውንና ኩባንያው ከምንዛሬው ላይ የሚያስቀረውን ትተን፣ 200 ዶላር ቀድሞ 11,500 ብር ነበር። ትእዛዙ በዶላር የታሰረ ከሆነ ያው 200 ዶላር 25,000 ብር ሆኖ ይደርሳል። በብር የታሰረ ከሆነ ግን እናትየው ያችኑ 11,500 ብር ይቀበላሉ፤ ከልጅየዋ ካርድ የሚወጣው 92 ዶላር ብቻ ነው። ልጅ «ሁልጊዜ የምልከውን እልካለሁ» ብላ ታስባለች፣ እናት «ልጄ ቀነሰችብኝ» ብለው ያዝናሉ፤ ሁለቱም አልዋሹም። ገበያው ደግሞ በዚያው ጊዜ ዘይቱንም ጨርቁንም ማዳበሪያውንም አስወድዷል።

ስለዚህ «አልቻልኩም፣ አቆማለሁ» ያለ ሰው መጀመሪያ ይህን ይመልከት እላለሁ። በዶላር ታስሮ የቆየ ትእዛዝ ካለው፣ 200ውን ወደ 150 ቢያወርደው እንኳ በ125 ምንዛሬ 18,750 ብር ይደርሳል፤ ቤቱ ከቀድሞው በቁጥር የበለጠ ብር ያገኛል፣ እሱም 50 ዶላር ይተነፍሳል። ይህ ማለት ግን ኑሮው ረከሰላቸው ማለት አይደለም፤ ከቤተሰብ ጋር ዋጋውን ተነጋግሮ የሚወሰን ነው። ለማለት የፈለግሁት፣ ሙሉ በሙሉ በማቋረጥና ምንም ሳይነኩ በመቀጠል መካከል ሰፊ ቦታ እንዳለ ነው፤ ያ ቦታ ያለው ደግሞ መተግበሪያው ውስጥ የትእዛዙን ገጽ ከፍቶ መጠኑን በመቀየር ላይ ነው። አንዳንድ መተግበሪያዎች ለአንድ ወር መዝለልንም ይፈቅዳሉ፤ ለጊዜው ለቸገረው ሰው ከመሰረዝ ይሻላል፣ ምክንያቱም ተቀባዩንና ሒሳብ ቁጥሩን እንደገና ማስገባት አይጠይቅም፤ ሒሳብ ቁጥር እንደገና በተጻፈ ቁጥር የስሕተት በር ይከፈታል።

ቀኑም መስተካከል ያለበት ነገር ነው። መተግበሪያው የሚያውቀው የፈረንጅ ወር ነው፤ የወሩ መጀመሪያ እኛ ጋ አብዛኛውን ዓመት ከ21 እስከ 26 ባለው መካከል ይወድቃል። ሴፕቴምበር 1 ነሐሴ 26 ነው፤ ለዘመን መለወጫ ይደርሳል። ኦክቶበር 1 ግን መስከረም 21 ነው፤ የመስቀል ወጪ ካለፈ በኋላ፣ የልጆች ደብተርና የትምህርት ቤት ልብስም ተገዝቶ ካበቃ በኋላ። ከሁሉ በላይ የምዕራብ ጎጃም ገጠር ወጪ በ12 እኩል የተከፈለ አይደለም። በቆሎ የሚዘራ ገበሬ ለማዳበሪያና ለምርጥ ዘር ገንዘቡን የሚፈልገው ከዝናቡ መግቢያ በፊት፣ በሚያዝያና በግንቦት ነው፤ ጎተራው የሚሳሳው ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ ነው። ከመኸር በኋላ፣ በታኅሣሥና በጥር፣ ቡሬ በርበሬውን፣ ሌላውም እህሉን ወደ ገበያ ሲያወጣ ቤቱ በአንጻሩ ይተነፍሳል። እንዲህ ላለ ቤት በየወሩ እኩል 200 ዶላር ከመላክ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት 120 እየላኩ የቀረውን ለሚያዝያና ለግንቦት ማዋል ያንኑ ገንዘብ የበለጠ ሥራ ያሠራዋል። ደመወዝተኛ እናት ወይም ፍኖተ ሰላም ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማር ወንድም ያለው ግን ወጪው በየወሩ ስለሆነ ይህ ምክር አይመለከተውም።

«ይህ ሁሉ ጣጣ ከሆነ ለምን በየወሩ በእጄ አልልክም?» የሚል ይኖራል። ተቃውሞው ክብደት አለው። በእጅ የሚልክ ሰው የዕለቱን ምንዛሬ ከሁለትና ከሦስት ኩባንያ ያነጻጽራል፤ በራሱ የሚሄደው ግን በዚያ ቀን ኩባንያው ባወጣው ምንዛሬ ይሄዳል፤ ለአዲስ ደንበኛ የሚሰጠው ማባበያ ምንዛሬም ከመጀመሪያው ክፍያ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ያበቃል። ገቢው በየወሩ የሚዋዥቅ ሰው፣ ለምሳሌ ታክሲ የሚነዳ፣ በእጅ ቢልክ ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ። ግን ወደ ሱቅ ሄዶ በጥሬ ገንዘብ መላክን እንደ አማራጭ የሚያስብ አንድ ነገር ይወቅ፦ በአሜሪካ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ በጥሬ ገንዘብ፣ በመኒ ኦርደር ወይም በካሺየር ቼክ በሚከፈል ሐዋላ ላይ 1 በመቶ ግብር ተጥሏል፤ ከአሜሪካ ባንክ ሒሳብ ወይም እዚያ ከተሰጠ ዴቢትና ክሬዲት ካርድ የሚከፈለውን አይነካውም። ደመወዙ ቋሚ ለሆነ፣ ተቀባዩም በእድሜ ለገፋ ሰው፣ በራሱ የሚሄደው ትእዛዝ ያለው ጥቅም ትልቅ ነው፤ ላኪው ቢታመም እንኳ የእናት ወር አይዛነፍም።

ሌላው ተቃውሞ ከቤት የሚመጣ ነው፦ «ከነገርኳቸው ይከፋቸዋል፣ ዝም ብዬ ላቁመው።» ይሉኝታው ይገባኛል። ነገር ግን በየወሩ ሳይዛነፍ የሚመጣ ገንዘብ ቤት ውስጥ ስጦታ ሆኖ አይቆይም፤ እቁብ ይገባበታል፣ ሱቅ በዱቤ ይወሰድበታል፣ ለእህት ልጅ የኪራይ ቃል ይገባበታል። ያለማስጠንቀቂያ የቀረ ገንዘብ የሚሰብረው ያንን ሁሉ ሰንሰለት ነው። በእኛ አካባቢ ደግሞ ሌላ ጭንቀት አለው። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭቱ ሲነሣ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበር፤ መንገድም በየጊዜው ይዘጋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ገንዘብ ያልደረሳቸው እናት «ቀነሰችብኝ» ከማለት ይልቅ «ልጄ ምን ሆነች» ብለው ነው የሚያድሩት፤ ወይም በማይደፈር መንገድ ባንክ ድረስ ይመጣሉ። ስለዚህ ለውጡን በድምፅ ስልክ፣ ከቀኑ ሳምንት ቀደም ብሎ፣ አዲሱን መጠንና አዲሱን ቀን በእኛ አቆጣጠር ጠርቶ መንገር ያስፈልጋል። የተቀባዩ መንገድ ራሱ ሲዘጋ ደግሞ ማስተካከያው ሌላ ነው፦ በጥሬው የሚወሰደውን ወደ ሒሳብ ማዞር፣ ገንዘቡ ቢያንስ ሒሳባቸው ውስጥ ሆኖ እንዲጠብቃቸው።

ተቀባይን ወይም ሒሳብን መቀየር ግን ከመጠንና ከቀን ይለያል። አንዳንድ መተግበሪያ የተቀባዩን ዝርዝር በነባሩ ትእዛዝ ላይ አያስቀይርም፤ አሮጌውን ሰርዞ አዲስ መክፈት ግድ ይሆናል። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። አዲሱን አስቀድሞ የከፈተ ሰው አሮጌውን ሳይሰርዝ ቀኑ ቢደርስበት ሁለቱም ይሄዳሉ፤ 400 ዶላር ከካርዱ ይወጣል። ስለዚህ አሮጌው ይሰረዝ፤ የስረዛው ማረጋገጫ በኢሜይል ይምጣ፤ ከዚያ አዲሱ ይከፈት፤ የተቀባዩም ስም ሒሳቡ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል እንደተጻፈው፣ ከነአባትና ከነአያት ስም፣ ፊደል በፊደል ይግባ። የአንድ ስም አጻጻፍ ሒሳቡ ላይ ካለው ከተለየ ክፍያው ሊዘገይ ወይም ሊመለስ ይችላል።

ትእዛዙ በእውነት መቆሙን ወይም መቀየሩን የምታውቁት «ተቀብለናል» በሚለው መልእክት አይደለም። የትእዛዞች ዝርዝር ያለበትን ገጽ፣ ብዙ ጊዜ Scheduled ወይም Recurring የሚል ርእስ ያለውን፣ ዘግታችሁ እንደገና ክፈቱትና «ቀጣይ ክፍያ» የሚለው ቀን መጥፋቱን ወይም ወደ አዲሱ መለወጡን እዩ። ያንን ገጽ ሰዓቱ እየታየ ፎቶ አንሡት። ቀደም ብሎ የተፈጠረ፣ ገና ያልተላከ ክፍያ ካለ ትእዛዙ ቢሰረዝም እሱ ብቻውን ሊሄድ ስለሚችል፣ በሂደት ላይ ያሉትን ክፍያዎች ዝርዝር ለብቻው ተመልከቱ። በአሮጌው ቀን ማግስትም የካርዱን ወይም የባንኩን ሒሳብ ክፈቱ። በዚያ ቀን ገንዘብ ከወጣ፣ የስረዛውን ማረጋገጫና ፎቶውን ይዛችሁ በዚያው ቀን ለኩባንያው በጽሑፍ አመልክቱ፤ ስማችሁን፣ ስልካችሁንና የክፍያውን ቁጥር አትርሱ፣ ጥያቄያችሁ የትኛውን ክፍያ እንደሚመለከት የሚለዩት በእነሱ ነው።